ማንም ያልነካው ብር

እናቴ የባንክ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። «እዚያ ያለ ብር አይነካም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ማንም አልነካውም። ግን ከግማሽ በላዩ ሄደ።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ሲያወርድ፣ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገው። እናቴ «ጨመሩልን» ብላ ደስ አላት። ገበያው ግን በሌላ ፍጥነት ይሄድ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዋጋ በአማካይ በ2019 ወደ 16 በመቶ፣ በ2020 ወደ 20፣ በ2021 ወደ 27፣ በ2022 ወደ 34፣ በ2023 ደግሞ ወደ 30 በመቶ ጨመረ።

እስቲ 100,000 ብር ይዘን እንቁጠር። በ7 በመቶ ወለድ፣ ወለዱም እየወለደ፣ በአምስት ዓመት 140,000 ብር ገደማ ይሆናል። የዋጋው ጭማሪም እንደዚያው በላይ በላዩ ነው የሚደራረበው፤ መጀመሪያ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ መጨረሻ ላይ 308 ብር ያህል ይጠይቃል። 140,000ን ለ3.08 ስናካፍል 45,500 ብር አካባቢ እናገኛለን። ደብተሩ 40,000 ብር አተረፍሽ ይላታል፤ ዘንቢሏ ግን ከግማሽ በታች ጎድሏል። ሌባ ቢሰርቃት ትጮህ ነበር። ቁጥሩ አንድም ቀን ስላልቀነሰ ግን ምንም አልተሰማትም።

የጎደለውስ የት ገባ? አልተነነም። በዚያው ዘመን ከባንክ ተበድሮ ሕንፃ የሠራ ሰው ዕዳውን የከፈለው በረከሰ ብር ነው። የቆጣቢው ኪሳራ የተበዳሪው ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ከባንክ እንሽሽ? አይደለም። የሚታከሙበት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያስፈልግ ብር ባንክ ይቀመጥ። በአጭር ጊዜ የሚጎድለው፣ በቸገረ ቀን ወዲያው ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ነው። ችግሩ የአሥር ዓመት ብር በዚያው ደብተር ሲተኛ ነው። እሱ ከዋጋ ጋር አብሮ ሊያድግ ወደሚችል ነገር፣ ወደ ቤት፣ ወደ አክሲዮን ወይም ወደ ንግድ፣ ቢከፋፈል ይሻላል። እዚያም አደጋ አለ፤ ቤት አንድ ክፍሉ ተቆርጦ አይሸጥም፣ አክሲዮንም በፈለጉት ቀን ገዢ ላያገኝ ይችላል። አንዱ ላይ ብቻ መቆለል የማይበጀው ለዚህ ነው።

እኔ አሁን በየዓመቱ አንድ መቀነስ ብቻ እሠራለሁ፤ ከወለዱ ላይ የዋጋ ጭማሪውን። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ደብተሩ የሚለውን አላምንም።