«አክሬዲትድ ነን» ሲሏችሁ፦ ማን ሰጣቸው? ለየትኛው ግቢ?

ከወልቂጤ እና ከቡታጅራ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። «ቴሌግራም ላይ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በኦንላይን የሚሰጡ አየሁ። አክሬዲትድ ነን ይላሉ፣ ሰርተፍኬታቸውንም ልከውልኛል። ልክፈል?» የሚል ነው። የተላከውን ሰርተፍኬት ማየት ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ የአሜሪካ ታሪክ እንንገራችሁ።

ሴንት ሪጂስ የሚባል «ዩኒቨርሲቲ» ነበር። በወረቀት ላይ የላይቤሪያ ትምህርት ቤት ነው። ሥራው ይመራ የነበረው ግን አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ ሆነው ዲግሪ ይሸጡ በነበሩ ባልና ሚስት ነው። ክፍል የለም፣ መምህር የለም፤ «የሥራና የሕይወት ልምድህን ቆጥረን» ይሉና ይልካሉ። ብልጠታቸው ዲግሪው ላይ ሳይሆን እውቅናው ላይ ነበር። እውቅና ሰጪ ቦርድም ራሳቸው አቋቋሙ፤ የላይቤሪያ መንግሥት አካል የሚመስል ስም ሰጥተው ዌብሳይት ከፈቱለት። ትምህርት ቤቱን ተጠራጥሮ ቦርዱን የፈተሸ ሰው «አዎ፣ የታወቀ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ከሠራተኞቻቸው አንዱ ለላይቤሪያ ባለሥልጣናት ጉቦ መክፈሉን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። ፖሊስ ቤታቸውን የበረበረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2008 ዋናዋ ሴትዮ የ3 ዓመት እስር ተፈረደባት፤ የገዢዎቹም ዝርዝር ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከ9,000 በላይ ስም ነበረበት።

(«የሕይወት ልምድ» ስንል ግነት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የፔንሲልቬንያ መርማሪዎች ኮልቢ ኖላን በሚባል ድመት ስም አመልክተው ከአንድ የቴክሳስ «ዩኒቨርሲቲ» የማስተርስ ዲግሪ ተቀብለዋል። ድመቱ ውጤት ማስረጃም ነበረው፣ 3.5።)

ስለዚህ ጥያቄው «እውቅና አላችሁ?» አይደለም። «ማን ሰጣችሁ? እሱንስ ማን ያውቀዋል?» ነው። መልሱን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ትፈልጋላችሁ። እነሱ የላኩትን ሊንክ አትንኩ። ብራውዘር ከፍታችሁ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ።

አሜሪካ ነን ካሉ ope.ed.gov/dapip ይገባል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ለዩኒቨርሲቲ እውቅና አይሰጥም፤ የሚሰጡትን ተቋማት ግን ያውቃል፣ ዝርዝሩም እዚህ አለ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን University of the People ብትፈልጉ ከስሙ ጋር እውቅና የሰጠው አካልና ቀኑ ይወጣል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. DEAC ከሚባለው ተቋም እውቅና ያገኘ ነው። አሁን የእናንተን ትምህርት ቤት ጻፉ። ስሙ ቢወጣ እንኳ ከተማውንና ዌብሳይቱን ከምትከፍሉበት ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል የተለየ ስም ማውጣት የቆየ ዘዴ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ያጋለጠው አክዛክት የተባለ የፓኪስታን ድርጅት «ባርክሊ» እና «ኮሎምቢያና» የሚሉ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩት። በርክሊ እና ኮሎምቢያ የመሰላችሁ ከሆነ እነሱም የፈለጉት ይህንኑ ነው።

ሕንድ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ ኮሚሽኑ ገጽ ugc.gov.in ላይ የሐሰተኛ ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር በስም አለ። ለሌሎች አገሮች whed.net ጥሩ መነሻ ነው። ይህኛው ግን ትምህርት ቤቱ በአገሩ መታወቁን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ የምትመዘገቡበትን ፕሮግራም አያረጋግጥም።

ወደ እኛው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ወልቂጤ ወይ ቡታጅራ ላይ ቢሮ ተከራይቶ «የአዲስ አበባው እገሌ ኮሌጅ ቅርንጫፍ» ወይም «የውጭ ዩኒቨርሲቲ ወኪል» የሚል ይመጣል። ኮሌጁ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድም ይኖረዋል። ግን በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን (የድሮው «ሄርቃ») ነው፤ የሚሰጠውም በጥቅሉ ለኮሌጁ ስም ሳይሆን በፕሮግራምና በግቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ አካውንቲንግ በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት፣ ቡታጅራ ላይ ነርሲንግ ማስተማር አይችልም። እዚያው አዲስ አበባ ያለውን አካውንቲንግ በርቀት ለማስተማርም ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የውጭ ዩኒቨርሲቲም እዚህ አገር ተማሪ ተቀብሎ ለማስተማር የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከአገር ውስጥ ተቋም ጋር በአጋርነት ቢሠራም።

ስለዚህ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ የፈቃዱን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከሩቅ አይታችሁ አትመለሱ፣ አንብቡት። አራት ነገር ታያላችሁ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የግቢው ከተማ፣ መደበኛ ነው ወይስ ርቀት፣ ፈቃዱ እስከ መቼ ያገለግላል። «ወልቂጤ» የሚል ቃል ከሌለበት ያ ደብዳቤ የሌላ ከተማ ነው። ፎቶ አንሱት፤ ማንሳት ከከለከሏችሁ እሱም አንድ መልስ ነው። ከዚያ በ.gov.et የሚያልቀውን የባለሥልጣኑን ገጽ ከፍታችሁ ወይ ቢሮው ደውላችሁ አመሳክሩ። የአምና ደብዳቤ ላይ አትተማመኑ፤ ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ፈቃዳቸው የተሰረዘባቸው ብዙ ናቸው።

የአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ አቋራጭ ምልክት አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። «እኛ ጋር ኤግዚት ኤግዛም የለም፣ እናመቻቻለን» ያላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ነገር ዲግሪ አይደለም።

የውጭው ዲግሪ ትክክለኛ ቢሆንም አንድ ደረጃ ይቀረዋል፣ አቻ ግምት። ይህንንም የሚሠራው ባለሥልጣኑ ነው፤ የዲግሪውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን የትምህርት ማስረጃዎችም ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው በስምንት ወር ማስተርስ ይዞ ቢመጣ መሠረቱ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ፕሮግራሙን እና በኦንላይን መሆኑን ጽፋችሁ «አቻ ይሰጠዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ደላላው «እኛ እንጨርስላችኋለን» ቢል አትቀበሉት።

«ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አጽድቆታል፣ ማኅተሙን እዩ» የሚባለውም ያሳስታል። እንዲህ ያለው ማኅተም የሚያረጋግጠው ከሥሩ የፈረመው ሰው ፊርማ ትክክል መሆኑን ነው። ትምህርቱ መሰጠቱን አያረጋግጥም። አክዛክት ለሚሸጣቸው ዲግሪዎች የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጆን ኬሪ ስም የሰፈረባቸው ማረጋገጫዎችን አያይዞ ይሸጥ ነበር።

ከፍላችሁ ከሆነስ? የባንክ ደረሰኙን፣ የቴሌብር መልእክቱን እና የቴሌግራም ጭውውቱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ ሰዎቹ አካውንታቸውን ሊያጠፉት ይችላሉ። ወረቀቱን ለሥራ አታስገቡ፤ እስካሁን የተታለላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ካስገባችሁት በኋላ ግን ተጠያቂዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ። ለፖሊስና ለባለሥልጣኑ አመልክቱ። ከዚያ በኋላ «ከመንግሥት ነው የምንደውለው፣ ዲግሪህ ችግር አለበት፣ ይህን ያህል ክፈልና እናስተካክል» የሚል ስልክ ቢመጣ አትደንግጡ። የአክዛክት ሠራተኞች የአሜሪካ ባለሥልጣን መስለው እየደወሉ፣ ራሳቸው ዲግሪ የሸጡላቸውን ሰዎች ሁለተኛ ያስከፍሉ የነበረው ልክ እንዲህ ነው። ስልኩን ዝጉትና ቁጥሩን ከስክሪንሾቶቹ ጋር አስቀምጡ።