ስንት ውል ይሸጥ? ስለ «ዝቅተኛ መዋዠቅ የመከላከያ ምጣኔ»

የሲዳማ ቡና ገዝቶ ዋሽንግተን አካባቢ መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠ አንድ አስመጪ እንውሰድ። ዋጋውን ቆርጦ ገዝቷል፤ ቆልተው ለሚሸጡ ድርጅቶች እስኪያከፋፍለው ድረስ ግን ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅበታል። በዚህ መካከል የቡና ዋጋ ቢወርድ ኪሳራው የእሱ ነው። ስለዚህ ኒው ዮርክ በሚገኘው የአይሲኢ ገበያ የአረቢካ ቡና የፊውቸርስ ውል ይሸጣል። ዋጋ ሲወርድ መጋዘን ባለው ቡና የሚያጣውን በሸጠው ውል ያገኘዋል ማለት ነው። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ጥያቄው ስንት ውል ይሽጥ የሚለው ነው።

አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ነው። ሰውየው ያለው 10 ኮንቴይነር ነው እንበል። በእያንዳንዱ ውስጥ 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች አሉ፤ ሁሉም ተደምሮ 192,000 ኪሎ፣ በፓውንድ 423,287 ይሆናል። ይህን ለ37,500 ብናካፍለው 11.29 እናገኛለን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና 11 ውል ይሸጣል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የሲዳማ ቡና ዋጋ ከኒው ዮርኩ ጋር ሳንቲም በሳንቲም እኩል ይሄዳል ብሎ ያለማስረጃ ይነሳል።

ለአንድ ፓውንድ ቡና ስንት ፓውንድ ፊውቸርስ ቢሸጥ ቀሪው የዋጋ መዋዠቅ ከሁሉም የሚያንስበትን ቁጥር የፋይናንስ ሰዎች «ሚኒመም ቫሪያንስ ሄጅ ሬሺዮ» ይሉታል። በአማርኛ «ዝቅተኛ መዋዠቅ የመከላከያ ምጣኔ» ማለት ይቻላል፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ ምጣኔው እለዋለሁ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960 በጥናት ያቀረበው ሊላንድ ጆንሰን የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነው። ጆንሰን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1957 ያጠናው የቡናን የፊውቸርስ ገበያ ስለነበር ምሳሌያችን ከባለቤቱ ሜዳ አልወጣም።

ዋጋዎቹ እኩል የማይሄዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኒው ዮርኩ ውል ከብዙ አገሮች የሚመጣ የታጠበ አረቢካን የሚወክል ሲሆን ለርክክብ ከተፈቀዱት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን ሲመታ የኒው ዮርክ ዋጋ ዘለለ። እንዲህ ያለው ዜና የኢትዮጵያን ቡና ዋጋም ያነሳሳል፤ ይሁን እንጂ የሲዳማ ቡና የራሱ ገዢ፣ የራሱ ምርት ዘመንና የራሱ ጥራት ስላለው የኒው ዮርኩን ዝላይ የሚከተለው በከፊል ነው። በአዲስ አበባው የምርት ገበያ ደግሞ ግብይቱ በእጅ ባለ ምርት ላይ ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያ ቡና ተብሎ የተዘጋጀ የፊውቸርስ ውል እዚያ አይገኝም። ነጋዴው ያለው አማራጭ ዘመድ በሆነ ውል መከላከል ነው፤ ምጣኔው ዝምድናው ምን ያህል እንደሆነ ይለካለታል።

ቀመሩ አጭር ነው።

```
h = ρ × (σS ÷ σF)
N = h × Q ÷ 37500
```

h ምጣኔው ነው። σS የሲዳማ ቡና ዋጋ በሳምንት በአማካይ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ፣ σF የፊውቸርሱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይነግሩናል። ρ ሁለቱ ለውጦች አብረው የመሄዳቸው መጠን ሲሆን ፍጹም አብረው ሲሄዱ 1፣ ምንም ሳይገናኙ ሲቀሩ 0 ይሆናል። Q በእጅ ያለው ቡና በፓውንድ ነው፤ N ደግሞ የሚሸጠው የውል ብዛት።

ለማሳያ ያህል የሲዳማው ሳምንታዊ መዋዠቅ በፓውንድ 9 ሳንቲም፣ የፊውቸርሱ 12 ሳንቲም፣ ዝምድናቸው 0.8 ይሁን። ምጣኔው 0.8 × 9 ÷ 12 ማለትም 0.6 ነው። 11.29ን በ0.6 ስናባዛ 6.77 እናገኛለን፤ ግማሽ ውል ስለማይሸጥ 7 ይሆናል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ነጋዴው ምንም ባይሸጥ የቡናው ዋጋ በሳምንት በ38,100 ዶላር ገደማ ይዋዥቅበታል። 11 ውል ቢሸጥ ወደ 29,700 ይወርዳል። 7 ውል ሲሸጥ ግን 22,900 ገደማ ይሆናል። 11 ውል የሸጠው ሰው ራሱን ይበልጥ የጠበቀ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያደረገው ግን ከቡናው ጋር የማይገናኝ የኒው ዮርክ መዋዠቅ ተጨማሪ መሸከም ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የሚያሳዝን እውነት አለ። 0.8 ጠንካራ ዝምድና ይመስላል። ነገር ግን የሚወገደው የቫሪያንስ ድርሻ የሚለካው በ0.8 ካሬ ነው፤ ይህም 0.64 ነው። ቫሪያንሱ በ64 በመቶ ቢቀንስም በዶላር የምናየው መዋዠቅ የሚቀንሰው በ40 በመቶ ብቻ ነው። ዝምድናው 0.5 ቢሆን ኖሮ ቅናሹ 13 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የደላላ ክፍያና የማርጅን ጣጣ መሸከም ያዋጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምጣኔውን ከመረጃ ለማውጣት ኤክሴል ይበቃል። በአንዱ ዓምድ የሲዳማው ሳምንታዊ የዋጋ ለውጥ፣ በሌላው የፊውቸርሱ ለውጥ ይገባል። የ52 ሳምንት ለውጥ ቢኖረን እንዲህ ይጻፋል፤ B የሲዳማው፣ C የፊውቸርሱ ነው።

```
=SLOPE(B2:B53,C2:C53)
=RSQ(B2:B53,C2:C53)
```

የመጀመሪያው ምጣኔውን፣ ሁለተኛው የሚወገደውን የቫሪያንስ ድርሻ ይሰጣል። በጣም የሚያሳስተው የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ነው። ቢገለበጡ በምሳሌያችን 0.6 የነበረው 1.07 ሆኖ ይወጣል፤ ነጋዴው 12 ውል ይሸጥና መዋዠቁ 32,800 ዶላር ገደማ ይሆንበታል። ኤክሴል ስህተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ σS ከσF የሚያንስ ከሆነ ምጣኔው በምንም መንገድ ከ1 ሊበልጥ አይችልም፤ ምክንያቱም ρ ራሱ ከ1 አይበልጥም።

ሁለተኛው ስህተት ከዋጋው ለውጥ ይልቅ ዋጋውን ራሱን ማስገባት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ዋጋዎች ሲወጡ ከቆዩ ዝምድናቸው 0.95 ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ከሳምንት ሳምንት ግን እርስ በርሳቸው ብዙም ላይከተሉ ይችላሉ። ነጋዴውን የሚጎዳው ደግሞ ቡናው እጁ ላይ እያለ የሚመጣው ለውጥ ነው። እንግዲህ የሚለካው ለውጡ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የኒው ዮርኩ ውል የሚያበቃው በማርች፣ በሜይ፣ በጁላይ፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ነው። አንዱ ሲያበቃ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል፤ የሁለቱ ዋጋ ግን አንድ አይደለም። የሜይ ውል ባለፈው ሳምንት 200 ሳንቲም ቢሆንና በዚህ ሳምንት የተመዘገበው የጁላይ ውል ዋጋ ልክ እንዳለፈው ሳምንት 206 ቢሆን፣ መረጃው የ6 ሳንቲም ጭማሪ ያሳያል፤ ማንም ግን አላተረፈም፣ አልከሰረምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ በአንድ ውል ውስጥ መሰላት አለበት፦ የጁላይ ከጁላይ ጋር። በሰንጠረዡ ላይ በየሁለት ወሩ ገደማ ያልተለመደ ዝላይ ከታየ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የሲዳማው ዋጋ ከየት ይምጣ የሚለውም ቀላል አይደለም። የሚሻለው ነጋዴው ራሱ በየሳምንቱ ለደንበኞቹ የሰጠው የሽያጭ ዋጋ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይለወጥ ቆይቶ ባንድ ጊዜ የሚታደስ የዋጋ ዝርዝር ካለው ግን ሳምንታዊው ዝምድና ከእውነተኛው በታች ሆኖ ይወጣል። ያኔ የወር ለውጥ መለካት ይመረጣል፤ ቡናው መጋዘን ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ጋርም ይቀራረባል።

ይህ ሁሉ ቡናውን በቁርጥ ዋጋ ለሚሸጥ ሰው ነው። ሽያጩ «ከኒው ዮርክ ዋጋ ይህን ያህል ሳንቲም በላይ» ተብሎ ከተዋዋለ ውሉ ራሱ ዋጋውን ሳንቲም በሳንቲም ከኒው ዮርክ ጋር አስሮታል። ያኔ ምጣኔው 1 ነው፤ ነጋዴውም 11 ውል መሸጡ ትክክል ነው። ግማሹ ቡና በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው መንገድ የሚሸጥ ከሆነ ለየብቻ ይሰላል።

በ52 ሳምንት መረጃ የተገኘ 0.6 የተቆረጠ እውነት አይደለም። በምሳሌያችን ቁጥሮች ትክክለኛው ምጣኔ ከ0.47 እስከ 0.73 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በውል ሲታሰብ ከ5 እስከ 8 ነው። ደግነቱ በምጣኔው አካባቢ ውጤቱ ብዙ አይለያይም። በ6 ውል መዋዠቁ 23,100 ዶላር፣ በ8 ውል 23,500 ገደማ ነው። ስለዚህ በውል ብዛቱ ከነጥብ በኋላ ስላሉት ቁጥሮች መጨነቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከ7 ይልቅ 11 ወይም 12 ላይ አለመውደቅ ነው።

የገንዘብ ዝግጅቱ ግን ሊረሳ አይገባም። የኒው ዮርክ ዋጋ አንድ ሳንቲም በወጣ ቁጥር በአንድ የተሸጠ ውል 375 ዶላር ይከፈላል። 30 ሳንቲም ቢወጣ በ7 ውል 78,750 ዶላር ነው፤ ደላላው ይህን ገንዘብ በማግስቱ ይጠይቃል። የመጋዘኑ ቡናም ዋጋው ጨምሯል፣ ሆኖም እስኪሸጥ ድረስ ጥሬ ገንዘብ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ዋጋው በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲሆን ውል የሸጡ ነጋዴዎች የተጨነቁት በዚህ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁለቱም ዋጋ መዋዠቅ ስለሚለወጥ፣ በ2 ዶላር ዘመን የተሰላውን ምጣኔ እንዳለ ማቆየት አይቻልም፤ በአዲሱ መረጃ እንደገና ይሰላል።

ቡናው ሲሸጥ ውሉም አብሮ ይቀነሳል። በ0.6 ምጣኔ አንድ ኮንቴይነር የሚፈልገው 0.68 ውል ነው። ነጋዴው ሦስት ኮንቴይነር በሸጠ ጊዜ የቀሩት ሰባቱ 4.74፣ ማለትም 5 ውል ይበቃቸዋል፤ ሁለቱን ውሎች በዚያው ቀን መልሶ ይገዛል። ሳይገዛ ከቆየ እነዚያ ሁለት ውሎች የሚከላከሉት ቡና የላቸውም፤ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የተወራረደባቸው ናቸው።