ሦስተኛ ወገን፣ እሳትና ስርቆት፣ ሙሉ መድን

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚሄድ አሮጌ ኮሮላ መንገድ የሚያቋርጥ ግመል ገጨ እንበል። «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው የግመሉ ባለቤት ነው። በሕግ ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተከልክሏል። አሽከርካሪው ጥፋተኛ ከሆነ መድኑ በሕጉ ጣሪያ ልክ የግመሉን ካሳ ይከፍላል፤ የተሰበረውን ፍሬቻና የተጨረመተውን ኮፈን ግን የመኪናው ባለቤት በኪሱ ያሠራል።

«ሦስተኛ ወገን፣ እሳትና ስርቆት» መኪናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ለባለቤቱ ይከፍላል። የግጭቱን ጥገና ግን አይሸፍንም። ይህን የሚሸፍነው «ሙሉ መድን» ነው።

«ሙሉ» ሲባል ግን ሁሉንም ማለት አይደለም። ባለቤቱ አረቦን ለመቀነስ ብሎ የ800 ሺህ ብር መኪናውን በ400 ሺህ ቢያስመዘግብ፣ ለ100 ሺህ ብር ጥገና የሚደርሰው ግማሹ፣ 50 ሺህ ብር ነው። ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ወጪ ይቀነሳል። በአሮጌ ዕቃ ፈንታ አዲስ ሲገጠምም የእርጅና ቅናሽ ሊኖር ይችላል። ጦርነት ያደረሰው ጉዳትም ከመደበኛው ውል ውጭ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው የሙሉ መድኑን ዓመታዊ አረቦን መኪናው ዛሬ በገበያ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ያነጻጽር። ጥገናውን ከኪሱ ከቻለ መካከለኛው ይበቃዋል። መኪናው እንጀራው ከሆነ ግን ሙሉውን ይግባ፤ ዋጋውንም በትክክል ያስመዝግብ።