የኦዲት ሪፖርት «ያልተወራረደ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ግኝቱን ለኮልቾ ስብሰባ ማዘጋጀት

ከኦሞ ወንዝ በላይ በከፍታ ላይ በምትገኘው የካሮ ሕዝብ መንደር በኮልቾ ስለ መንግሥት ገንዘብ የሚነገር ዜና ብዙ እጅ አልፎ ይደርሳል። ኦዲተሩ በጽሑፍ አማርኛ ያሰፈረውን ባለሙያው በንግግር አማርኛ ያስረዳል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ወደ ካሮ ቋንቋ ይመልሰዋል። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ቃል ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። ሪፖርቱ «ያልተወራረደ ሂሳብ» ያለው ነገር ከዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎች «የተሰረቀ ገንዘብ» ሆኖ ከደረሰ ስብሰባው በጥል ይበተናል። «ትንሽ የወረቀት ጉድለት» ተብሎ ከተነገረም የጎደለው ነገር ሳይጠየቅ ይታለፋል። ስለዚህ ማጠቃለያውን የሚያዘጋጅ ሰው ከቁጥሮቹ በፊት ሪፖርቱ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ማወቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የፌዴራል ዋና ኦዲተር የሚሾመውና ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱም በአዋጅ ቁጥር 982/2008 እንደገና ተቋቁሟል። ክልሎች የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው፤ እርሱም ሪፖርቱን ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል። በወረዳ ደረጃ ደግሞ የውስጥ ኦዲት አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሂሳቡ ተጠናቅቆ ለምርመራ ይቀርባል፤ በመሆኑም ሕዝቡ የሚሰማው ሪፖርት ሁልጊዜ ስላለፈ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ወንበሩ ላይ የነበረው ኃላፊ ሪፖርቱ በሚነበብበት ቀን ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር መልስ የማይሰጥ ሰው ላይ ቁጣ እንዳይወርድ ይረዳል፤ ሂሳቡ ግን የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ አዲሱ ኃላፊ «እኔ አልነበርኩም» ብሎ ከመልስ አያመልጥም።

የኦዲት ዓይነቶችም አንድ አይደሉም። የሂሳብ ኦዲት ገንዘቡ በሕጉ መሠረት ወጥቶ በትክክል መመዝገቡን ይመረምራል። የክዋኔ ኦዲት ግን ሥራው በተባለው ጊዜ፣ በተባለው ወጪና ጥራት መሠራቱን ይጠይቃል። ለደቡብ ኦሞ ነዋሪ የሁለቱ ልዩነት ሩቅ አይደለም። የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 ስኳር ፋብሪካ ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ሥራው በውሉ ጊዜ ሳያልቅ በመቅረቱ ከኮርፖሬሽኑ እጅ ወጥቶ በሌላ ተቋራጭ እንዲቀጥል ተደርጓል። እንዲህ ባለ ሥራ ለክፍያዎቹ ሁሉ ደረሰኝ ቢገኝ እንኳ «ፋብሪካው የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ አይመለስም። ይህን የሚጠይቀው የክዋኔ ኦዲት ነው።

አንድ የኦዲት ግኝት በጥሩ ሁኔታ ከተጻፈ አራት ነገሮችን ይይዛል። መጀመሪያ መሆን የነበረበትን፣ ማለትም መመሪያው የሚያዝዘውን ይገልጻል። ቀጥሎ ኦዲተሩ ያገኘውን፣ ከዚያም ይህ ያስከተለውን ጉዳት ያሰፍራል። በመጨረሻ የማሻሻያ ሐሳቡን ያስቀምጣል። ከዚህ ሌላ ብዙ አንባቢ ሳያየው የሚያልፈው ክፍል አለ፤ እርሱም ተመርማሪው መሥሪያ ቤት የሰጠው ምላሽ ነው። ኦዲተሮች ሪፖርቱን ከማጠናቀቃቸው በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ጋር የመውጫ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ በዚያ የተባለውም ከግኝቱ በታች ይጻፋል። ምላሹን ያላነበበ ሰው ግማሽ ሪፖርት ይዞ ነው ወደ ስብሰባ የሚሄደው።

አሁን ወደ ቃላቱ። «ያልተወራረደ» ሲባል ገንዘቡ በቅድሚያ ወጥቷል፤ ለምን እንደዋለ የሚያሳየው ማስረጃ ግን አልቀረበም ማለት ነው። ሠራተኛው ለመስክ የወሰደው አበል ወይም ተቋራጩ የተቀበለው ቅድሚያ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ሥራው ተሠርቶ ወረቀቱ ብቻ ዘግይቶ ይሆናል፤ ጭራሽ አልተሠራም ይሆናል። ኦዲተሩ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። «የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ክፍያ» የሚለው ደግሞ ገንዘቡ በወጪነት ተመዝግቦ ሳለ ደረሰኙ፣ ውሉ ወይም የርክክብ ሰነዱ አለመገኘቱን ያመለክታል። «መመሪያን ያልተከተለ ግዥ» ዕቃው መጥቶም ቢሆን ውድድር ሳይደረግ ወይም ዋጋ ሳይወዳደር ተገዝቷል ማለት ነው። «የጥሬ ገንዘብ ጉድለት» ከሁሉ የከበደው ነው። ካዝናው ተቆጥሮ በመዝገቡ ላይ ካለው ያነሰ ሲገኝ የሚጻፍ ስለሆነ ገንዘቡ ሊኖር የሚገባበት ቦታ የታወቀ ነው፤ በዚያም አልተገኘም።

ከእነዚህ አንዳቸውም የጥፋተኝነት ፍርድ አይደሉም። ኦዲተሩ ወንጀል የሚመስል ነገር ካገኘ ጉዳዩ ወደሚመለከተው የሕግ አካል ይሄዳል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው።

ከሪፖርቱ ፊት የሚገኘው የኦዲተሩ አጠቃላይ አስተያየትም በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር ይችላል። «ነቀፌታ የሌለበት» ከሆነ ሂሳቡ በጎላ መልኩ ትክክል ነው። «ከአንዳንድ ጉዳዮች በስተቀር» ከተባለ የተጠቀሱት ጉድለቶች ሲቀሩ ሌላው ደህና ነው። «ተቀባይነት የሌለው» ሲል መዝገቡ እውነተኛውን ሁኔታ አያሳይም ማለቱ ነው። «አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት» ሲሆን ግን ለመመርመር የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም። ይህን የመጨረሻውን ቃል ብዙዎች «ኦዲተሩ ምንም ጥፋት አላገኘም» ብለው ይረዱታል፤ ስሕተቱ ትልቅ ነው፤ ማስረጃ ያጣ ኦዲተር ስለ ሂሳቡ ደህንነት የመሰከረው አንድም ነገር የለም።

የማጠቃለያውን አሠራር ለማሳየት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የየትኛውም ወረዳ አይደሉም። አንድ የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ለኩሬ ቁፋሮና ለእጅ ፓምፖች 1,200,000 ብር አወጣ እንበል። ሪፖርቱ ሦስት ግኝቶች አሉት። 340,000 ብር ቅድሚያ ተከፍሎ አልተወራረደም። 185,000 ብር የተሟላ ማስረጃ አልቀረበበትም። ለ6 ፓምፖች እያንዳንዳቸው በ35,000 ብር ሂሳብ ተከፍሎ በመጋዘን የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም በሞዴል 19 የተመዘገቡት 4 ብቻ ናቸው።

የቸኮለ አቅራቢ የሁለቱን ፓምፖች ዋጋ 70,000 ብር በመጨመር «595,000 ብር ጠፋ» ይላል። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ድርብ ቆጠራ ነው። የሁለተኛው ግኝት ዝርዝር ሲታይ በ185,000 ብሩ ውስጥ የሁለቱ ፓምፖች ክፍያ አለበት፤ የጎደለውም ሰነድ ያው ሞዴል 19 ነው። አንዱ ብር በሁለት ርዕስ ሥር ተጽፏል። ስለዚህ ድምሩ 340,000 እና 185,000፣ በጠቅላላው 525,000 ብር ነው። ሁለተኛው ስሕተት ምላሹን አለማንበብ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከ340,000 ብሩ 120,000ው ከበጀት ዓመቱ መዘጋት በኋላ መወራረዱን በሰነድ አሳይቷል፤ ኦዲተሩም ሰነዱን አይቶ ተቀብሏል። ክፍት የቀረው 220,000 ብር ነው። ከዚህ በኋላ ገና መልስ የሚጠብቀው 405,000 ብር ይሆናል፤ ከጠቅላላው ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ሦስተኛው ስሕተት «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ ነው።

ምላሹ ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ተወራርዷል» ብሎ መሥሪያ ቤቱ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ኦዲተሩ ሰነዱን አይቶ መቀበሉ ሌላ ነው። «ወደፊት እናስተካክላለን» የሚል ምላሽም ከክፍቱ ሂሳብ አንድ ብር አይቀንስም።

ከዚህ በመነሳት ለስብሰባው የሚነበበው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ባለፈው የበጀት ዓመት ለውኃ ሥራ 1,200,000 ብር ወጥቷል። ኦዲተሮች መርምረዋል። 220,000 ብር በቅድሚያ ተሰጥቶ ምን እንደተሠራበት የሚያሳይ ወረቀት እስካሁን አልመጣም። ሌላ 185,000 ብር ተከፍሎ ሰነዱ አልተሟላም፤ በዚህ ውስጥ ዋጋቸው ተከፍሎ መጋዘን መግባታቸው ያልታወቀ ሁለት ፓምፖች አሉ። 120,000 ብር መጀመሪያ ተጠይቆበት ነበር፤ አሁን ማስረጃው ቀርቧል። ኦዲተሮቹ ማንንም ሌባ አላሉም። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን እንዲያቀርብ፣ ማቅረብ ካልቻለ ገንዘቡን እንዲመልስ አሳስበዋል።»

የቁጥሩን ክብደት ለማስረዳት ብሩን ሰው በሚያውቀው ነገር መለወጥ ይጠቅማል። ከብት ወይም ፍየል የሚቀርበው ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው የዚያ ሳምንት የዲመካ ገበያ ዋጋ መሆን አለበት፤ የአምና ዋጋ ከተወሰደ አድማጩ ከአቅራቢው ቀድሞ ስሕተቱን ያገኘዋል። በምሳሌው ግን ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ራሱ ፓምፑ ነው፦ 70,000 ብር ማለት ሁለት ፓምፕ ነው።

አስተርጓሚው ጽሑፉን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማግኘት አለበት። «ያልተወራረደ» ለሚለው የካሮ ቃል ላይገኝ ይችላል፤ እንግዲያስ በሐረግ መተርጎም ነው፦ «ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ምን እንዳደረገበት ገና ያልተናገረ»። ሐረጉን ከስብሰባው በፊት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መሞከርና ምን እንደተረዱ መጠየቅ ይገባል። «ሰረቀ ማለት ነው» ካሉ ትርጉሙ መቀየር አለበት። የሠራተኞችን ስም መጥራትም አያስፈልግም፤ መልስ የሚጠየቀው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ስብሰባው ከሪፖርቱ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። ኦዲተሩ ሁሉንም ክፍያ አይመረምርም፤ ናሙና ይወስዳል። በናሙናው ያልገባ ክፍያ ንጹሕ ተብሎ አልተመሰከረለትም። ወደ እያንዳንዱ መንደር ወርዶ ፓምፕ ለመቁጠርም ጊዜው ላይበቃው ይችላል። የመንደሩ ሰው ግን የትኛው ፓምፕ መቼ እንደተተከለ፣ የትኛው ኩሬ ሳይቆፈር እንደቀረ ያውቃል። ሞዴል 19 ባይገኝም ሁለቱ ፓምፖች ተተክለው ውኃ እየሰጡ ከሆነ የጎደለው ሰነድ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ የርክክብ ማስረጃ አዘጋጅቶ ሊያቀርብ ይችላል። ፓምፖቹም ሰነዱም ከሌሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ምስክርነት በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ቦታውና የታየበት ቀን ተጠቅሶ፣ ለወረዳው ምክር ቤትና ለኦዲት አካሉ ሊላክ ይችላል።

በየወረዳውና በየቀበሌው በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ፕሮግራም የሚለጠፈው የበጀት ሰሌዳም እዚህ ላይ ይረዳል። ሰሌዳው የተመደበውንና የወጣውን ያሳያል፤ ጉድለትን አያሳይም። ኦዲት ሪፖርቱ ደግሞ ጉድለቱን ያሳያል፤ ለኮልቾ ምን ያህል ተመድቦ እንደነበር ለብቻው ላይነግር ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያዙ ነዋሪው ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የሚያቀርበው ጥያቄ ግልጽ ይሆናል፦ ለእኛ የተመደበው ስንት ነበር? ከእርሱ ክፍት የቀረው የቱ ነው? ሰነዱ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው? የመጨረሻው መልስ በቀን መነገርና በቃለ ጉባኤው መስፈር አለበት፤ የሚቀጥለው ስብሰባ የሚጀመረው እርሱን በማንበብ ነው።