«አዘጋጁ» ማን ነው? ፕሮዲዩሰር፣ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር በአንድ ፊልም ታሪክ



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው በአንድ የአማርኛ ቃል ነው። በቲያትር «አዘጋጅ» የምንለው ተዋንያንን እያለማመደ ትርኢቱን የሚመራውን ሰው፣ ማለትም ዳይሬክተሩን ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ግን ያው ቃል የፕሮግራሙን ኃላፊ ያመለክታል፤ እርሱም ወደ ፕሮዲዩሰሩ ይቀርባል። «ፕሮዲዩሰር» የሚለውን ቃል ደግሞ በአገራችን የፊልም ሥራ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ገንዘብ ላወጣው ሰው ነው። ከዚህ የተነሣ ተመልካቹ በፊልም መክፈቻ ላይ ሦስቱን ማዕረጎች ሲያነብ ማን ምን እንደሠራ መለየት ያዳግተዋል። ልዩነቱን በአንድ ፊልም ታሪክ ላሳያችሁ።

የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ በእኛ ዘንድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ይታወቃል፤ ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በታተመ በወሩ፣ በሐምሌ 1936 እ.ኤ.አ.፣ ዴቪድ ሴልዝኒክ የፊልም መብቱን በ50,000 ዶላር ገዛ። በዚያን ጊዜ የፊልም ጽሑፍም፣ ተዋናይም፣ ዳይሬክተርም አልነበረም። ፕሮዲዩሰር የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ፊልሙ ገና ሐሳብ ሳለ የሚይዘውና በሲኒማ ቤት እስኪታይ ድረስ የማይለቀው ሰው።

ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሴልዝኒክ አልነበረም። የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር ባለጸጋው ጆን ሄይ ዊትኒ ነበር። ሴልዝኒክ መብቱን ለመግዛት ሲያመነታ፣ እርሱ ካልገዛው ራሱ እንደሚገዛው ያሳወቀው ዊትኒ ነው። ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ በበኩሉ ክላርክ ጌብልን አውሶ 1,250,000 ዶላር ያህል አዋጣ፤ በምላሹም የማከፋፈል መብትና የትርፉን እኩሌታ ወሰደ። ዊትኒ በፊልሙ ላይ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር ተብሎ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ዛሬ በሲኒማ ይህን ማዕረግ ከሚያስገኙት አንዱ ነው። ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር ገንዘብን፣ መብትን ወይም ተሰሚነት ያለውን ስሙን ያመጣል እንጂ በየዕለቱ ቀረጻ ቦታ መገኘት አይጠበቅበትም። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተከታታይ ድራማ ዋና ጸሐፊና መሪ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ማዕረግ ይይዛል።

ወደ ዳይሬክተሩ እንለፍ። ቀረጻው በጥር 1939 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ኪዩኮር መሪነት ተጀመረ። ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ሠራ ሴልዝኒክ አሰናበተውና ቪክተር ፍሌሚንግን ተካ። ፍሌሚንግ በድካም ታምሞ ሲቀር ደግሞ ሳም ዉድ ለጥቂት ሳምንታት ሥራውን ያዘ። ተዋናዩ እንዴት እንደሚናገር፣ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ የትኛው ቀረጻ እንደሚደገም በየዕለቱ የወሰኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ዳይሬክተር ሲለዋወጥ ፊልሙ ለምን አልተበታተነም? ጽሑፉን ደጋግሞ የሚያስለውጠው፣ ተዋንያንን የመረጠው፣ በመጨረሻም ከአርታኢው ጋር ተቀምጦ የሚቆረጠውንና የሚቀረውን የወሰነው ሴልዝኒክ ስለ ነበረ ነው። በተጨማሪም ዊልያም ካሜሮን ሜንዚስ ትዕይንቶቹን አስቀድሞ በሥዕል ነድፏቸው ነበር። አዲስ የመጣው ዳይሬክተር ሥራውን ከዜሮ አልጀመረም።

ከዚህ ግን ዳይሬክተር ተራ ቅጥረኛ ነው የሚል መደምደሚያ እንዳትወስዱ። ይህ የዚያ ዘመን የሆሊውድ አሠራር ነው። ኃይሌ ገሪማን የመሰሉ ዳይሬክተሮች የራሳቸው ፕሮዲዩሰር የሆኑት የመጨረሻውን ውሳኔ በእጃቸው ለማቆየት ነው። ማዕረጉ የሥራውን ዓይነት ይነግረናል፤ የሥልጣኑን ልክ የሚወስነው ግን ውሉ ነው።

ማዕረግን አሳስቶ ማንበብ የሚያስከትለውን ችግር በቅርባችን አይተናል። «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ሲታይ፣ አንጀሊና ጆሊ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር በመሆኗ ፊልሙን የሠራችው እርሷ የመሰላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆን፣ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ምሕረት ማንደፍሮ ናት። የጆሊ ስም ፊልሙን ለዓለም አስተዋውቆታል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ሥራውን ለእርሷ የሚሰጥ የታሪክ ጸሐፊ የሁለት ኢትዮጵያውያንን ድካም ይሰርዛል።

የካቲት 29 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት የዳይሬክተርነቱ ሽልማት ለፍሌሚንግ፣ የምርጥ ፊልም ሽልማት ለሴልዝኒክ ኩባንያ ተሰጠ። ሁለት ሽልማት የተሰጠው ሥራውም ሁለት ስለ ነበረ ነው። ይሁንና ኪዩኮር የቀረጻቸው አንዳንድ ትዕይንቶች በፊልሙ ውስጥ እያሉ፣ በመክፈቻው ላይ በዳይሬክተርነት የምናነበው የፍሌሚንግን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን እንደ ማንኛውም ሰነድ ከውሉና ከደብዳቤው ጋር እያመሳከርን እናንብብ።