ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሳንባ በሽታ በረጅም ጊዜ አጫሾች ላይ፦ የጉዳቱ ሂደትና ማጨስ ማቆም የሚያመጣው ለውጥ

የበሽታው ምንነት

ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሳንባ በሽታ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ «ሲኦፒዲ» በሚል አጭር ስያሜ ይታወቃል። በሽታው የሳንባ ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች የሚጠቡበትና የአየር ከረጢቶች ግድግዳ የሚፈርስበት፣ በዚህም ምክንያት አየር ከሳንባ መውጣት የሚቸግርበት የጤና እክል ነው። ከአስም የሚለየው በዋናነት ጥበቱ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ የማይመለስ በመሆኑ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ለበሽታው ቀዳሚው መንስኤ ለረጅም ዓመታት የሚጨስ ትምባሆ ነው። በጅማ ከተማ እንደ ቦሳ ኪቶ ባሉ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎች የቡና አብቃይ አካባቢ ከተሞች ለሚኖር አጫሽ ሌሎች ተጨማሪ ጫናዎችም አሉ። እነዚህም መውጫ በሌለው ማድቤት ውስጥ የሚታፈን የማገዶ ጭስ እና በጀንፈል ቡና መፈልፈያ ቤቶች የሚነሳ የገለፈት ብናኝ ናቸው። ሦስቱ ሲደራረቡ ጉዳቱም ይደራረባል።

ጉዳቱ የሚከሰትበት መንገድ

ጤናማ የአየር ቧንቧ በውስጡ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉት። እነዚህ ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ አክታንና አቧራን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የሲጋራ ጭስ ይህን እንቅስቃሴ ያዳክማል፤ በአንጻሩ አክታ አመንጪ ዕጢዎች እንዲያብጡና ብዙ አክታ እንዲያመርቱ ያደርጋል። ጠራጊው ሲደክምና የሚጠረገው ሲበዛ አክታው ሌሊቱን ሙሉ ይጠራቀማል። አጫሾች ጠዋት ሲነሱ የሚያስሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በተለምዶ «የሲጋራ ሳል ነው» ተብሎ የሚታለፈው ምልክት የጉዳቱ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ በታች፣ በአየር ከረጢቶች ላይ ይደርሳል። ሳንባ በጭስ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ የሚለቁት ኬሚካልም የከረጢቶቹን ተለጣጭ ግድግዳ ይበላል። ይህ ግድግዳ ሁለት ሥራ አለው፦ ኦክስጅን ወደ ደም ማስተላለፍና ትንንሾቹን ቧንቧዎች ከዙሪያቸው ወጥሮ ክፍት አድርጎ መያዝ። ግድግዳው ሲፈርስ ውጥረቱ ይላላል፤ ሰውየው አየር ሲያስወጣ ቧንቧዎቹ ይከደናሉ። የቀደመው አየር ወጥቶ ሳያልቅ ቀጣዩ ስለሚገባ ሳንባ እንደተነፋ ይቀራል። ታማሚው «አየር አጠረኝ» ቢልም ችግሩ የሚጀምረው አሮጌው አየር መውጫ በማጣቱ ነው። የፈረሰ የአየር ከረጢት ተመልሶ አይሠራም።

በሽታው ዘግይቶ የሚታወቅበት ምክንያት

ሳንባ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚያስፈልገው በላይ አቅም አለው። በመሆኑም አጫሹ የሳንባውን አቅም ሰፊ ክፍል እስኪያጣ ድረስ በሜዳ ላይ ሲሄድ ምንም ላይሰማው ይችላል። ድካሙ በመጀመሪያ የሚታየው በዳገት ላይ ነው። ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ ቀድሞ ሳያርፍ ይወጣ የነበረ ሰው መሐል ላይ መቆም ይጀምራል። ቀጥሎ በሜዳ መንገድ ከእኩዮቹ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያም ጥቂት እንደተራመደ ለመተንፈስ ይቆማል፤ በመጨረሻም ልብስ መልበስ እንኳ ያደክመዋል። ብዙዎች ለውጡን ከዕድሜ ጋር ስለሚያያይዙት፣ ወይም ሳያስተውሉት ዳገትን መሸሽ ስለሚጀምሩ፣ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ዘግይተው ነው።

ምርመራው

በሽታውን የሚያረጋግጠው ስፓይሮሜትሪ የተባለው የትንፋሽ ልኬት ነው። ተመርማሪው አየር እስከ መጨረሻው ድረስ ከሳበ በኋላ በመሣሪያው ቱቦ ውስጥ በኃይል ተንፍሶ ያስወጣል። በውጤቱ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ዋና ናቸው። FEV1 በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ የወጣውን አየር፣ FVC ደግሞ በጠቅላላው የወጣውን አየር መጠን ያሳያል። ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከተሳበ በኋላም የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ከ0.70 በታች ከሆነና የማጨስ ታሪክና ምልክቶች ካሉ፣ በሽታው እንዳለ ይወሰዳል።

የደረት ራጅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ራጅና የአክታ ምርመራ የሳንባ ነቀርሳን፣ የሳንባ ካንሰርንና የልብ ድካምን ለመለየት ያስፈልጋሉ። በተለይ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለው አጫሽ ሳሉን ከሲጋራ ጋር ብቻ ሳያያይዝ በቅድሚያ የነቀርሳ ምርመራ ሊያደርግ ይገባል።

ወደ ምርመራ የሚሄድ ሰው የማጨስ ታሪኩን በቁጥር ቢናገር ለሐኪሙ ሥራ ይረዳል። ስሌቱ በቀን የሚጨሰው የፓኬት ብዛት በዓመታቱ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። ለ30 ዓመት በቀን ግማሽ ፓኬት፣ ማለትም 10 ሲጋራ ያጨሰ ሰው የ15 ፓኬት ዓመት ታሪክ አለው ማለት ነው።

ማጨስ ማቆም የሚለውጠው ምንድን ነው?

የማንኛውም ሰው የሳንባ አቅም ከጎልማሳነት በኋላ በዕድሜ ይቀንሳል። በሽታው ያለበት አጫሽ የሚለየው የቅነሳው ፍጥነት ነው። በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደና መጠነኛ የአየር ቧንቧ ጥበት ያለባቸውን 5,887 አጫሾች ያካተተ ጥናት የተሳታፊዎቹን ሳንባ ለ11 ዓመታት ያህል ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት ማጨስ የቀጠሉ ወንዶች FEV1 በየዓመቱ በአማካይ በ66 ሚሊ ሊትር ሲቀንስ፣ በጥናቱ መጀመሪያ አቁመው በዚያው የጸኑት ግን 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነበር የሚቀንስባቸው። በሴቶችም ልዩነቱ ተመሳሳይ ነበር፤ በቀጠሉት 54፣ ባቆሙት 22 ሚሊ ሊትር ያህል።

ይህ በአንድ ሰው ሕይወት ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማስላት ይቻላል። የ50 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ የጅማ ነዋሪ ተመርምሮ FEV1 2.1 ሊትር፣ FVC 3.4 ሊትር ሆነ እንበል። የሁለቱ ንጽጽር 0.62 ስለሚሆን በሽታው አለበት።

ማጨሱን ከቀጠለ በ15 ዓመት ውስጥ 990 ሚሊ ሊትር ያጣል፤ በ65 ዓመቱ የሚቀረው 1.1 ሊትር ያህል ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ ብዙ ታማሚዎች በሜዳ መንገድም ለመተንፈስ ይቆማሉ።

በ50 ዓመቱ ካቆመ የሚያጣው 450 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ65 ዓመቱ 1.65 ሊትር ይቀረዋል። ዳገት ቢያደክመውም ገበያ ሄዶ ለመመለስ ሰው ላያስፈልገው ይችላል።

ውሳኔውን አዘግይቶ በ60 ዓመቱ ቢያቆምስ? እስከዚያ 660 ሚሊ ሊትር አጥቶ 1.44 ሊትር ላይ ይደርሳል፤ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ግን የሚያጣው 150 ብቻ ነው፤ በ65 ዓመቱም 1.29 ሊትር ይኖረዋል። ቀደም ብሎ ካቆመው ያነሰ፣ ካላቆመው ግን የተሻለ ነው። ስሌቱ በአማካይ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ማቆም የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ያቆያል።

የሲጋራውን ቁጥር መቀነስ ብቻውን ይህን ጥቅም አይሰጥም። በዚሁ ጥናት ሳያቆሙ የቀነሱ ሰዎች ሳንባ የተጠበቀው እጅግ በጥቂቱ ነው። በአንጻሩ እያቆሙ የተመለሱ ሰዎች ውጤት በሁለቱ መካከል በመሆኑ ከሽፎ የተደገመ ሙከራ ከንቱ አይደለም።

ካቆሙ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት

ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ይጠፋል። ከዚያ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ሊከተል ይችላል፤ ሳልና አክታ ይጨምራሉ። ይህም ተዳክመው የነበሩት የቧንቧ ጠራጊዎች ሥራ በመጀመራቸው ሊሆን ስለሚችል «ማቆሜ አሳመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራ መመለስ አይገባም። ሳሉ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ደም የተቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል።

የኒኮቲን ጥማት፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት በአብዛኛው የሚከብዱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግባሉ። በጅማና በአካባቢዋ ከባዱ ፈተና የጫት ቤት ነው፤ ብዙ አጫሽ ምርቃና ላይ ሲጋራን ከጫቱ ለይቶ አያየውም። በመሆኑም የማቆሚያ ቀን ሲወሰን በእነዚህ ሳምንታት ከጫት መቀማመጫ መራቅ የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል። ሺሻም የትምባሆ ጭስ በመሆኑ ምትክ አይሆንም። በሐኪም ምክር የሚወሰዱ የኒኮቲን ማስቲካ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን ወይም ሌሎች መድኃኒቶች የመሳካት ዕድልን ይጨምራሉ።

አገልግሎት ለማግኘት

1. ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ያጨሰና ሳል፣ አክታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው በቅድሚያ በቅርብ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል።

2. ጤና ጣቢያው የነቀርሳ ምርመራ ካደረገ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ይልካል። በአካባቢው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደረት ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የመታወቂያ ደብተራቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።

3. በመርጨት የሚሳብ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው አጠቃቀሙን በባለሙያ ፊት ሠርቶ ማሳየት ይገባዋል፤ በተሳሳተ አሳሳብ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ትንፋሽን ያቀልላል እንጂ ማጨስ ማቆምን አይተካም።

4. የትንፋሽ ማጠሩ በድንገት ከባሰ፣ የአክታው መጠን ከጨመረ ወይም ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር አለመቻል፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባትና ከልክ ያለፈ እንቅልፍ የድንገተኛ ሕክምና ምልክቶች ናቸው።

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስ፣ ሲጋራን በነጠላ መሸጥ እንዲሁም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ የተከለከለ ነው። ለማቆም የወሰነ ሠራተኛም በሥራ ቦታው ሕንፃ ውስጥ ጭስ እንዳይኖር አሠሪውን የመጠየቅ መብት ከዚሁ አዋጅ ይመነጫል።