ዓይን አፋር ሰው ምን ይነግድ?

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። የሂሳብ ባለሙያ ብሆንም መጀመሪያ የገባሁበት ንግድ ልብስ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ መሸጥ ነበር። በቀን አምስት አዲስ ሰው ማግባባት ነበረብኝ፤ በ26 የሥራ ቀናት 130 ሰው ማለት ነው። ዋጋ የተከራከረኝን ሁሉ አፍሬ ስቀንስለት ትርፉ አለቀ፤ በሦስተኛው ወር ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ በወር ስንት አዲስ ሰው ማሳመን ይጠይቃል? የነጋዴዎችን ሂሳብ መያዝ የተስማማኝ በዚህ ምክንያት ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ በየጊዜው ማሳወቅ ስላለበት፣ አንዴ የተገኘ ደንበኛ አይለቅም። በመጀመሪያው ዓመት ያሳመንኩት ስምንት ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ የሚያውቁኝ ነበሩ፤ ስድስቱን እነሱ አመጡልኝ።

ይሁንና ዓይን አፋርነት እዚህም ያስከፍላል። አንደኛው ክፍያ መጠየቅ ነው። ስለዚህ መጠኑንና ቀኑን በውል አሰፍራለሁ፤ ገንዘቡም በባንክ ይገባል። ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ደንበኛው ደረሰኞቹን በመጨረሻው ቀን ጠቅልሎ ሲያመጣ "ዘገየህ" ለማለት ካፈሩ፣ ቅጣቱ የእሱ፣ ወቀሳው ግን የእርስዎ ይሆናል። እኔ ወር በገባ በ10ኛው ቀን ያልደረሰኝን ሰነድ ዘርዝሬ በጽሑፍ እልካለሁ።

በዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛ ሌላ ካላመጣልዎት ግን ችግሩ ዓይን አፋርነትዎ ሳይሆን ሥራዎ ሊሆን ስለሚችል መዝገብዎን ይፈትሹ።